ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር፦ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ

ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም የላሙ ናቸው፣ ሁለቱም ኬክ ኩፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደር ያለቀባት ባለቤት መደርደሪያው ላይ ያለውን ቤኪንግ ሶዳ በዚያው ማንኪያ ሰፍራ ብትጨምር አያስደንቅም። ኬኩ ሲወጣ ግን ከላይ ጠቁሯል፣ ውስጡ ወደ ቢጫ አድልቷል፣ ሲቀመስም ሳሙና ሳሙና ይላል። ዱቄቱም ምድጃውም ጥፋት የለባቸውም። ልዩነቱ ያለው አሲድ ላይ ነው።

ቤኪንግ ሶዳ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይባላል። እርጎ፣ ሎሚ ወይም አቼቶ ሲነካው አረፋ እያወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ሊጡን የሚነፋው ይህ ጋዝ ነው። ኮምጣጣ ነገር ካላገኘ ግን ሥራውን በወጉ አይጨርስም።

ቤኪንግ ፓውደር ውስጥም ሶዳ አለ። ከእሱ ጋር ደረቅ አሲድና እርጥበት የሚመጥ ስታርች ተቀላቅለዋል። ይህን ዓይነቱን ቅይጥ በ1843 እንግሊዝ ውስጥ ያዘጋጀው አልፍሬድ በርድ የተባለ ኬሚስት ነው፤ ያነሳሳው ሚስቱ እርሾ የማይስማማት መሆኑ ነበር። አሲዱ አብሮ ስላለ ፓውደሩ ኮምጣጣ ነገር አይጠብቅም፤ ፈሳሽ ሲያገኝ ይጀምራል። ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ፓውደር ጋዙን በሁለት ጊዜ ይለቃል፤ ከፊሉን ሲቦካ፣ የቀረውን ምድጃ ገብቶ ሲሞቅ።

አሁን አንድ ተራ ኬክ እንውሰድ፦ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ወተት፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ ዘይትና ሁለት የሻይ ማንኪያ ፓውደር። በሁለቱ ማንኪያ ፓውደር ውስጥ ያለው ሶዳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በምትኩ ሁለት ማንኪያ ሶዳ ከገባ ሊጡ የሚያስፈልገውን አራት እጥፍ ተሸከመ ማለት ነው። ወተቱ ደግሞ ያን ሁሉ ሶዳ የሚያበርድ አሲድ የለውም። ሶዳው በምድጃው ሙቀት ብቻውን ይፈርሳል፣ ጋዝም ይሰጣል፤ የሚለቀው ግን ከአሲድ ጋር ቢገናኝ ከሚለቀው ግማሹን ያህል ነው። የቀረው ሶዲየም ካርቦኔት ሆኖ ኬኩ ውስጥ ይቀመጣል። የሳሙና ጣዕሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይኸው ቅሪት ቅርፊቱን ቶሎ ስለሚያጠቁረው መሃሉ ገና ሳይበስል የደረሰ ያስመስለዋል።

ግልባጩ ሌላ ችግር አለው። በአንድ ኩባያ እርጎና በግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በሚሠራ ኬክ ውስጥ ግማሽ ማንኪያ ፓውደር ቢገባ ሶዳው ከሚያስፈልገው ሩብ ያህል ብቻ ይሆናል። ኬኩ ዝቅ ብሎ፣ ድፍን ብሎ፣ ገርጥቶ ይወጣል፤ የእርጎውም ኮምጣጣነት ይቀራል። ፓውደሩ ወደ ሁለት የሻይ ማንኪያ ከፍ ቢል ኬኩ ይነሳል፤ ፓውደሩ የራሱን አሲድ ይዞ ስለሚመጣ ግን ኮምጣጣው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለመብላት ምንም አይለውም።

ፓውደር አልቆ ሶዳ ብቻ ካለ መላ አለው። በሁለት ማንኪያ ፓውደር ፈንታ ግማሽ ማንኪያ ሶዳ ይግባ፣ ወተቱም በእርጎ ይተካ። እርጎ ከሌለ ከወተቱ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀንሶ በቦታው የሎሚ ጭማቂ መጨመርና ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። እዚህ ላይ ጊዜ ወሳኝ ነው። ሶዳው አሲዱን እንዳገኘ ጋዙን መልቀቅ ስለሚጀምርና እንደ ፓውደሩ ለምድጃው የሚያስቀረው አሲድ ስለሌለ ምድጃው አስቀድሞ መሞቅ አለበት፤ ሊጡም እንደተቀላቀለ ይግባ። ውጭ ቆሞ ከጠበቀ አረፋው ያመልጣል።

ኬክ መሃሉ ላይ ስለሰመጠ ብቻ ግን መተካካቱን መጠርጠር አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ጋዙ ከመጠን በላይ ይለጠጣል፣ ሊጡ ሳይጠነክር ይነሳና ይወድቃል። ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ አሠራር ሁለት ማንኪያ ፓውደር ቢል እዚህ አንድ ተኩል ይበቃዋል።

የትኛው የቱ እንደሆነ ባልታወቀበት ብልቃጥ ላይ ደግሞ ቀላል ፈተና አለ። ግማሽ የሻይ ማንኪያውን ሞቅ ባለ ንጹሕ ውሃ ላይ መጨመር ነው። ወዲያው ከተንተከተከ ፓውደር ነው፣ ጉልበቱም አለ። ዝም ብሎ ከሟሟ ሎሚ ይጨመቅበት፤ አሁን ሽቅብ ካረፋ ሶዳ ነው። በሎሚውም ካላረፋ ወይ ጉልበቱ ያለቀ ፓውደር ነው፣ ወይ ከነጭራሹ ሌላ ዱቄት ነውና ሊጥ ውስጥ አይግባ።