በሲቪ ላይ የተደራረቡት ዘጠኝ ወራት

አንድ የሒሳብ ባለሙያ ያስገባው ሲቪ እንዲህ ይላል እንበል፦ ከመስከረም 2008 እስከ ሰኔ 2011 ዓ.ም. በግል ድርጅት፣ ከጥቅምት 2011 እስከ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት ሠርቻለሁ። ሁለቱም የሙሉ ጊዜ ሥራዎች ናቸው። መግቢያው ላይ «ከ7 ዓመት ተኩል በላይ ልምድ» ተብሏል። የቅጥር ማስታወቂያው የሚጠይቀው 7 ዓመት ነው።

መርማሪው ሥራዎቹን በጀመሩበት ወር ቅደም ተከተል ይደረድርና አንዱ ሳያልቅ ሌላው ተጀምሮ እንደሆነ ያያል። እዚህ ከጥቅምት እስከ ሰኔ 2011 ዘጠኝ ወር ተደራርቧል። ሁለቱ ዘመናት ለየብቻ ተቆጥረው ሲደመሩ 7 ዓመት ከ9 ወር ይሆናሉ። የመግቢያው ቁጥር የመጣውም ከዚህ ነው፤ ዘጠኙ ወራት ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል። አንዴ ብቻ ሲቆጠሩ ልምዱ ልክ 7 ዓመት ነው።

እዚህ ላይ «ዋሽቷል» ብሎ ሲቪውን መጣል ትልቅ በደል ይመስለኛል። በእኛ አገር መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ከጃንዋሪ እስከ አዲስ ዓመት ዋዜማ ከፈረንጆቹ ዓመት 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ግን 7 ብቻ ነው። ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ሰው የጥቅምትና የኅዳር ቀኖቹን አንድ ዓመት ወደኋላ ይገፋቸዋል። ስለዚህ ግኝቱ ፍርድ ሳይሆን ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው የሚችል መዝገብ መሆን አለበት፦

ግኝት 1፦ የሥራ ዘመን መደራረብ
ሲቪው የሚለው፦ «እስከ ሰኔ 2011» እና «ከጥቅምት 2011»
ስሌት፦ 9 ወር
ክብደት፦ ከፍተኛ፤ የልምድ ድምሩን ይለውጣል
ሊሆን የሚችል ምክንያት፦ የዘመን ቅየራ ስህተት ወይም አንዱ ሥራ የትርፍ ሰዓት መሆኑ
የሚጠየቀው፦ የሁለቱም ድርጅቶች የሥራ ልምድ ደብዳቤ

የሲቪው ቃል እንዳለ መጠቀሱ ወሳኝ ነው። መርማሪው በራሱ አባባል ካጠቃለለው የራሱ ስህተት ከአመልካቹ ስህተት ጋር ይቀላቀላል። ምክንያቱም ከስሌቱ ተለይቶ ይጻፋል፤ አንዱ የታየ ነገር ነው፣ ሌላው ግምት።

የእርዳታ ድርጅቱ ደብዳቤ ሲመጣ «ኦክቶበር 21 ቀን 2019» ይላል እንበል። ይህ ጥቅምት 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መደራረብ አልነበረም ማለት ነው፤ እንዲያውም በሁለቱ ሥራዎች መካከል ሦስት ወር ገደማ ክፍተት አለ። ግኝት 1 «በሰነድ ተብራርቷል» ተብሎ ይዘጋል። ድምሩ ግን ወደ 6 ዓመት ከ9 ወር ይወርዳል፤ ከተጠየቀው ሦስት ወር ይጎድላል። ይህ ግኝት 2 ሆኖ በዚያው አቀራረብ ይመዘገባል፤ ሦስቱ ወራት አመልካቹን ያስቀሩታል ወይስ አያስቀሩትም የሚለውን የሚወስነው የቅጥር ኮሚቴው ነው።