ከሥዕል ላይ የተሰወረውን ቀመር ስለ ማግኘት

ደባርቅ ውስጥ የአንድ አነስተኛ ንግድ ቤት ሒሳብ የሚጽፍ ወዳጃችን የሦስት ሠራተኞችን የወር ደመወዝ መዝገብ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ላከልን። መዝገቡ የተሠራው በኤክሴል ነው። በሥዕሉ ላይ የሚታየው ግን ውጤቱ ብቻ ስለሆነ፣ ቀመሮቹ ከሳጥኖቹ በስተጀርባ ተሰውረዋል። ጥያቄውም ከባንክ የሚወጣው 7520 ብር ለሦስቱም ይበቃል ወይ? የሚል ነበር።

```
   B ደመወዝ  C ግብር  D ጡረታ  E ተከፋይ
2   3000     150     210     2640
3   6000     700     420     4880
4   8000    1150     560     6290
5                    ድምር    7520
```

በመጀመሪያ እያንዳንዱን ዓምድ ለደመወዙ አካፈልን። ጡረታው በሦስቱም ረድፍ ከመቶ 7 ሆነ። ስለዚህ ቀመሩ ተራ ማባዛት ነው ለማለት እንችላለን። ግብሩ ግን በመጀመሪያው ረድፍ ከመቶ 5፣ በሁለተኛው ወደ 11.7፣ በሦስተኛው ወደ 14.4 ይደርሳል። ድርሻው ከደመወዙ ጋር የሚያድግ ከሆነ ከበስተጀርባው ደረጃ ያለው ደንብ አለ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከ4000 በላይ እስከ 7000 ብር ያለ ደመወዝ በ20 ከመቶ ተባዝቶ 500 ብር ይቀነስለታል። ለ6000 ብር ይህ 1200 ሲቀነስ 500፣ ማለትም 700 ይሆናል፤ ከሥዕሉም ጋር ይስማማል።

```
D3: =B3*7%
C3: =B3*20%-500
E3: =B3-C3-D3
```

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ያው 700 ብር በሌላ ቀመርም ይገኛል፤ `=(B3-4000)*20%+300` ብንል ልዩነት የለውም። ቁጥሩ በእጅ ተጽፎ እንደ ሆነም ሥዕሉ አይነግረንም። እንግዲህ ከሥዕል የምናገኘው ደንቡን እንጂ የቀመሩን አጻጻፍ አይደለም።

ወደ ድምሩ እንመለስ። ሦስቱ ተከፋዮች ሲደመሩ 13810 ብር ይሆናሉ፤ መዝገቡ ግን 7520 ይላል። ልዩነቱ 6290 ሲሆን፣ ይህም በትክክል የሦስተኛው ሠራተኛ ተከፋይ ነው። ጉድለቱ ከአንድ ረድፍ ጋር እኩል ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ድምሩ ያን ረድፍ መዝለሉ ነው። ሠራተኛው በኋላ የተቀጠረ እንደ ሆነ፣ ከድምሩ በላይ የገባው አዲስ ረድፍ ከቀመሩ ውጭ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ግምታችንን እንዲህ ብለን ጻፍንለት።

```
E5: =SUM(E2:E3)
```

ግምት ግን ማስረጃ አይደለምና ሳጥኑን ነክቶ ከላይ ባለው የቀመር መስመር ላይ እንዲያነብ ጠየቅነው። መልሱ በዚያው ቀን መጣ፤ ቀመሩ እንደ ገመትነው ነበር። ወዳጃችን E3ን ወደ E4 ለውጦ 13810 ብር አወጣ፤ በመጨረሻ የተቀጠረውም ሠራተኛ ደመወዙን ከጓደኞቹ ጋር ተቀበለ።