መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት

ሰው ያልተጎዳበት ቀላል ግጭት ሲደርስ ቀድሞ የሚጠፋው ማስረጃ መኪኖቹ የቆሙበት ቦታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፎቶ፣ የአደጋ መብራት በርቶና ከሚያልፉ መኪኖች ተጠንቅቆ፣ መኪኖቹ ሳይነኩ ራቅ ብሎ ይነሳል። ሁለቱም መኪኖች፣ የመንገዱ መስመርና እንደ መብራት ምሰሶ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር አብረው መታየት አለባቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሚኒባስ አደባባይ ሲገባ የቪትዝን ጎን ገጨ እንበል። የተጨረመተው በር የቅርብ ፎቶ ብቻውን ቅድሚያው የማን እንደነበር አያሳይም። የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ፣ አስፋልቱ ላይ የወደቀው የፍሬቻ ስብርባሪና የፍሬን ምልክት ግን ብዙ ይናገራሉ። ጉዳቱ ከዚያ በኋላ በቅርብ ይነሳል። የቆየ ጭረት ካለም አይደበቅ፤ ገማቹ ሲያገኘው በአዲሱም ጉዳት ላይ ጥርጣሬ ያድርበታል።

ቀጥሎ የሌላው መኪና ታርጋ ከነኮዱ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ ሊብሬውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ይነሳሉ፤ የመድኑ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን በግልጽ መነበብ አለበት። ሹፌሩ ባለቤት ካልሆነ የባለቤቱ ስም ከሊብሬው ይመዘገባል። ሰዓቱ፣ የቦታው ስምና የምስክሮች ስልክ ወዲያው ይጻፋሉ፤ ምስክር ብዙም አይቆይምና።