ካንስል አደረገ፣ ካንስል ሆነ

የእህቴ ልጅ በስነ ልሳን ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ለመመረቂያ ጽሑፏ «የአዲስ አበባ ወጣቶች የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅየጣ» የሚል ርዕስ ይዛ ብትሄድ አማካሪዋ «ይሄ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ አጥብበሽ ተመለሺ» ብሎ ሰደዳት። እኔም በየዋህነት «ለምን እንደሚቀይጡ ልጆቹን ጠይቂያቸዋ» አልኳት። «ጋሼ ደግሞ! ቢጠየቁማ አንቀይጥም ነው የሚሉት» ብላ ሳቀችብኝ።

ነገሩ በሙያው የታወቀ ችግር ነው። ሰው ስለ ገዛ አነጋገሩ ሲጠየቅ ማለት ያለበትን ይናገራል። አሜሪካዊው ዊልያም ላቦቭ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርኮች «ር»ን መቼ እንደሚውጡ ለማወቅ ሲነሳ፣ ትላልቅ መደብሮች ገብቶ መልሱ «ፎርዝ ፍሎር» የሚሆን ዕቃ የት እንዳለ ሻጮቹን ይጠይቅ ነበር። አልሰማሁም ብሎ ያስደግማቸውና ወጥቶ ይመዘግባል። የእህቴ ልጅ እንዲህ አላደረገችም፤ ጓደኞቿን አስፈቅዳ፣ ቡና ላይ ስልኳን ከፍታ ቀዳቻቸው። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ጣለችው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ስልኩን እያየ የዜና አንባቢ አማርኛ ነበር የሚናገረው። ከዚያ ወሬው ሲሞቅ ስልኩ ተረሳ።

ከቅጂው አንዱን ዓረፍተ ነገር አሰማችኝ፦ «ፕሮጀክቱን ሰብሚት አድርጌ ለፍሬንዶቼ ሼር አደረግኩላቸው።» እኔ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው ብዬ ተማረርኩ። እሷ ወረቀት አውጥታ ከፋፈለችልኝ። ከእንግሊዝኛ የመጡት አራት ናቸው፦ ፕሮጀክት፣ ሰብሚት፣ ፍሬንድ፣ ሼር። የቀረውን አየሁት። «ፕሮጀክቱን» ላይ ያሉት «ኡ» እና «ን»፣ «ለፍሬንዶቼ» ላይ ያሉት «ለ»፣ «ኦች» እና «ኤ»፣ ማን ለማን እንዳደረገ የሚነግረን «አደረግኩላቸው»፣ ግሱም መጨረሻ ላይ መቀመጡ፣ ሁሉም አማርኛ ነው። ካሮል ማየርስ ስኮተን የተባሉት ምሁር በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ በቅየጣ ውስጥ አንዱ ቋንቋ አጥሩንና ማገሩን ይሠራል፣ ሌላው ዕቃ ብቻ ያስገባል ያሉት ይህንኑ ነው። ቤቱ የአማርኛ ነው፤ ወንበሩ ከውጭ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ነው ርዕሱ የጠበበው። እንግሊዝኛ ግስ አማርኛ ውስጥ ለብቻው አይገባም። «ሰብሚትኩ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «አደረገ»ን ይዞ ነው የሚገባው። በሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። «ቁጭ አለ፣ ቁጭ አደረገ»፣ «ከፍ አለ፣ ከፍ አደረገ» ስንል ኖረናል፤ «ቁጭ» ብቻውን አይረባም፣ ሥራውን የሚሠራለት አጠገቡ ያለው ግስ ነው። ወጣቶቹ «ሼር»ን ያስቀመጡት በ«ቁጭ» ቦታ ነው። ድሮ ሌላም መንገድ ነበር፦ ከጣሊያንኛው «ፊርማ» «ፈረመ» ወጣ፤ ከዚያም «ፈራሚ»፣ «አስፈረመ»፣ «ተፈራረሙ» እያለ እንደ ማንኛውም የአማርኛ ግስ ረባ። ዛሬ ማንም አያቱን «ፈረመ የውጭ ቃል ነው» ብሎ አይሞግትም።

በቆጠራው ላይ ያስቸገራትም ይህ ነው። ቅየጣ ልትቆጥር ተነስታ «ባንክ»ን፣ «ፖሊስ»ን፣ «መኪና»ን ብትቆጥር ቁጥሩ ያብጣል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ያልተማረች አንዲት የገጠር ሴት ቃሉን ሳትደናቀፍ ትጠቀምበታለች ወይ ብላ ትፈትነዋለች። «መኪና» ያልፋል፣ «ሰብሚት» ይወድቃል። «ፕሮጀክት»ስ? ከቀበሌ ስብሰባ እስከ እርሻ ጣቢያ ይሰማልና አከራከራት፤ ለብቻው በሌላ ዓምድ አስቀመጠችው። እኔ ብሆን እንደ ውሰት ቃል እቆጥረው ነበር፤ ግን ተመራቂው እኔ አይደለሁም።

ጽሑፉ ሲያልቅ የቀራት ጥያቄ «ለምን ይቀይጣሉ» የሚለው አይደለም። «አደረገ» መቼ፣ «ሆነ» መቼ፣ «አለ» መቼ የሚል ነው። «ፕሮግራሙን ካንስል አደረገው» ይባላል፤ «ፕሮግራሙ ካንስል ተደረገ»ም «ካንስል ሆነ»ም ይባላል። «ሪላክስ አድርግ» የሚል አለ፤ «ሪላክስ በል» የሚልም አለ። ከሁሉ ያስደነቃት ግን አንዲት «ድ» ናት። «ኮንፊውዝ አደረገኝ» ሲሉ «ድ» የለችም። «ኮንፊውዝድ ሆንኩ» ሲሉ ግን ብዙዎቹ ይጨምሯታል፣ ምናልባት ቃሉን እንደ «ግራ የተጋባ» ያለ ቅጽል ስለወሰዱት። ታዲያ «ፕሮግራሙ ካንስልድ ሆነ» የማይሉት ለምንድን ነው? ሰውና ዝግጅት ስለሚለያዩ ነው? ስሜትና ድርጊት ስለሚለያዩ? ይህን ለማየት እያንዳንዱን «ሆነ» ከነባለቤቱ እየለቀመች በሰንጠረዥ እየጻፈች ነው። የአንድ ሰዓት ወሬ ጽፎ ለመጨረስ ሙሉ የሥራ ቀን ይፈጅባታል። ትናንት ደውዬ ምን ደረሰች ብላት፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ኮንፊውዝድ ሆኛለሁ» አለችኝና ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ እስክሪብቶ ስታነሳ ሰማኋት።