የአንድ ጠርሙስ አንገትና ሆድ

በባዶ ሃይላንድ የፈላ ውሃ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚከተል አይጠፋውም። ጠርሙሱ ይኮማተራል፣ ሆዱ ይጣመማል፣ አንዳንዴም አንገቱ ቅርጹን ስቶ ክዳኑ አልገጥም ይላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጠርሙሱ የተሠራበት ፔት የሚባለው ፖሊመር ደግሞ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ፕላስቲኩ ከመቅለጫው ገና ብዙ ርቆ ሳለ ለምን ቅርጹን ያጣል?

መልሱ አንድ ግራፍ ላይ ይነበባል። ግራፉን የሚያወጣው ዘዴ ዲፈረንሻል ስካኒንግ ካሎሪሜትሪ ይባላል፤ በአጭሩ ዲ ኤስ ሲ። ዋትሰንና ኦኒል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1962 በአሜሪካው ፐርኪን ኤልመር ኩባንያ ያበጁት ሲሆን፣ ዛሬ ፕላስቲክ የሚመረምር ላቦራቶሪ ያለ እሱ አይሠራም ማለት ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጠርሙሱ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም የምትመዝን ቅንጣት ተቆርጣ ትንሽ የአሉሚኒየም ሳህን ውስጥ ትገባና ክዳኗ ተጭኖ ይታሸጋል። አጠገቧ ልክ እንደሷ ያለ ባዶ ሳህን ይቀመጣል። ናይትሮጅን እየነፈሰባቸው ሁለቱም በደቂቃ 10 ዲግሪ እየጨመሩ ይሞቃሉ። መሣሪያው የሚለካው ናሙናው ያለበት ሳህን ከባዶው ይልቅ ምን ያህል ተጨማሪ ሙቀት እንደወሰደ፣ ወይም ምን ያህል እንደመለሰ ነው። በአግድም ሙቀቱ በዲግሪ፣ በቁም ደግሞ የሙቀቱ ፍሰት ይነበባል።

ወደ መስመሩ ከመሄድ በፊት ግን የግራፉ ጥግ ይታይ። exo ከሚል ጽሑፍ ጋር አንድ ቀስት አለ፤ ሙቀት መልቀቅ በየትኛው አቅጣጫ እንደተሳለ የሚናገረው እሱ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይስለዋል። ቀስቱን ያላየ አንባቢ መቅለጥን ክሪስታል መሥራት ነው ብሎ ሊያነብ ይችላል። እዚህ ሙቀት መልቀቅን ወደ ላይ አድርገን እንቀጥል።

ከጠርሙሱ አንገት፣ የክዳኑ ጥርስ ካለበት ቦታ፣ የተቆረጠችውን ቅንጣት እናሙቅ። መስመሩ መጀመሪያ ጸጥ ብሎ ይጓዛል። በ75 እና በ80 ዲግሪ መካከል አካባቢ ሲደርስ ትንሽ ደረጃ ይወርድና በዚያው በአዲሱ ከፍታ ይቀጥላል። ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ይህን ለውጥ ከሌሎቹ የሚለየውም አለመመለሱ ነው። የመስታወት ሽግግር የሚባለው ይህ ነው። ከዚህ በታች ረጃጅሞቹ የፔት ሞለኪውሎች እንደተወሳሰበ ፈትል እርስ በርስ ተያይዘው ደርቀዋል። ከዚህ በላይ ግን ክፍሎቻቸው መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አንድ ዲግሪ ለመሞቅ ከበፊቱ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋልና መስመሩ ይወርዳል። ምንም የቀለጠ ነገር የለም። ጠንካራው ፕላስቲክ ለስላሳ ሆነ እንጂ። በ92 ዲግሪ የፈላው ውሃ የረታው ይህን መስመር ነው።

አንዳንዴ በደረጃው ጫፍ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ተደርባ ትታያለች። ከ75 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ሞቆ ለረጅም ጊዜ በቆየ ፕላስቲክ ላይ ትበዛለች፤ ሞለኪውሎቹ ቀስ በቀስ ጠጋ ጠጋ ብለው እንደነበር የምትመሰክር እንጂ መቅለጥ አይደለችም።

መስመሩ ጉዞውን ሲቀጥል በ130 እና በ140 ዲግሪ መካከል አካባቢ ወደ ላይ ጉብ ይላል። ናሙናው ሙቀት እየለቀቀ ነው። ፋብሪካው አንገቱን በቅርጽ ማውጫው ውስጥ በፍጥነት ስላቀዘቀዘው ሞለኪውሎቹ ለመደርደር ፋታ አላገኙም ነበር። አሁን መንቀሳቀስ ሲችሉ በሥርዓት እየተደረደሩ ክሪስታል ይሠራሉ፣ ሲደረደሩም ሙቀት ይተፋሉ። በመጨረሻ በ250 ዲግሪ አካባቢ መስመሩ ጥልቅ ጎድጓዳ ይሠራል፤ ክሪስታሎቹ ቀለጡ።

አሁን ደግሞ የዚያኑ ጠርሙስ ሆድ እናሙቅ። ደረጃው አለ፣ ግን ለጥ ያለና ትንሽ ነው። በ130ዎቹ የነበረው ጉብታ የለም፣ ቢኖርም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመቅለጡ ጎድጓዳ ግን ከአንገቱ ጋር ተቀራራቢ ነው። ፕላስቲኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ታሪኩ ይለያያል፤ ሆዱ ሞቆ በታመቀ አየር ሲነፋ በቁመትም በጎንም ስለተለጠጠ፣ ሞለኪውሎቹ ገና ፋብሪካ እያለ ተደርድረው ክሪስታል ሠርተዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለስሌት እንዲመች፣ የሁለቱም የመቅለጥ ጎድጓዳ ስፋት በግራም 45 ጁል፣ የአንገቱ ጉብታ ደግሞ በግራም 33 ጁል ሆነ እንበል። ሙሉ በሙሉ ክሪስታል የሆነ ፔት ለመቅለጥ በግራም 140 ጁል አካባቢ እንደሚፈልግ ተደርጎ ይሰላል። መቅለጡን ብቻ ያየ ሰው 45ን ለ140 አካፍሎ ሁለቱም 32 በመቶ ክሪስታል ናቸው ይላል። ነገር ግን በአንገቱ ውስጥ ከቀለጡት ክሪስታሎች አብዛኞቹ ጠርሙሱ ውስጥ አልነበሩም፤ የተወለዱት ምርመራው ላይ፣ መሣሪያው ውስጥ ነው። ስለዚህ 33 ከ45 ይቀነሳል፤ የሚተርፈው 12 ለ140 ሲካፈል 9 በመቶ አይሞላም። የአንገቱ እውነተኛ ቁጥር ይህ ነው። ሆዱ ግን 32 በመቶነቱን ይዞ ይቀራል።

ትኩስ ጭማቂ የሚሞላባቸው አንዳንድ ጠርሙሶች አንገታቸው ወተት የመሰለ ነጭ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ፋብሪካው አንገቱን ሆን ብሎ አሙቆ ክሪስታል እንዲሠራ ያደርገዋል፣ ለትኩሱም እንዲጸና። ከዚያ ነጭ አንገት ናሙና ቢወሰድ የ130ዎቹ ጉብታ አይታይም።

ሆዱ አንድ ሌላ ጣጣ አለበት። ተለጥጦ የደረቀ ስለሆነ ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ሳህኑ ውስጥ ይኮማተራል፤ ከሳህኑ ወለል ሲነሳ መስመሩ ላይ ድንገተኛ ዝላይ ይፈጠራል፣ ላላወቀውም አዲስ ለውጥ ይመስለዋል። መፍትሔው ጠፍጣፋ ቅንጣት መቁረጥ፣ ክዳኑን አጥብቆ መጫን፣ ከዚያም በሌላ ቅንጣት መድገም ነው። እውነተኛ ለውጥ በዚያው ዲግሪ ተመልሶ ይመጣል፤ ዝላዩ ግን ቦታ ይቀያይራል ወይም ይጠፋል።

ብዙ ላቦራቶሪዎች ናሙናውን አቅልጠው፣ በዚያው በደቂቃ 10 ዲግሪ አቀዝቅዘው፣ እንደገና ያሞቁታል። ሁለተኛው መስመር ንጹሕና ለማወዳደር የተመቸ ነው፤ የፔቱን ባሕርይ ለማወቅ እሱ ይሻላል። አንገቱና ሆዱ ግን በሁለተኛው ላይ ተመሳሳይ ሆነው ይወጣሉ፤ መቅለጥ የፋብሪካውን ታሪክ ሁሉ ደምስሶታልና። ስለዚህ ስለ አንድ ዕቃ የክሪስታል መጠን የሚናገር ሪፖርት እጅዎ ከገባ፣ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ማሞቅ የተወሰደ መሆኑንና ጉብታው መቀነሱን ይጠይቁ። ሁለቱን የማይመልስ ሪፖርት ስለ ጠርሙሱ አይናገርምና አይቀበሉት።