መኪናው የገጫት የት ነው?

ስፓኒሽ የማስተምራት አንዲት እህታችን በዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። አብረዋት ከሚሠሩት አብዛኞቹ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋውን መማር የጀመረችውም ከእነሱ ጋር ለመጫወት ብላ ነው። አንድ ቀን ካቻምና የደረሰባትን የመኪና አደጋ በስፓኒሽ ጽፋ እንድትመጣ ነገርኳት። ስምንት መስመር ጻፈች። ግሦቹን አንድም ሳትስት አርብታቸዋለች። እኔ ጋ ከማምጣቷ በፊት ግን ለአንድ ባልደረባዋ አነበበችለት። እሱም በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ እንዲህ ብሎ ጠየቃት፦ «ታዲያ መኪናው እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ነው የገጨሽ?»

እሷ የተገጨችው መሀል አስፋልት ላይ ነው። የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ግን «ክሩሴ ላ ካዬ ኢ ሜ አትሮፔዮ ኡን ካሮ» ይላል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «መንገዱን ተሻገርኩና መኪና ገጨኝ» ማለት ነው። በአማርኛም ብትነግሩን ያው ጥያቄ ይመጣብናል፤ ተሻግረሽ ከጨረስሽ መኪናው የት አገኘሽ? ልትል የፈለገችው «እየተሻገርኩ ሳለ» ነበር። ለዚህ ስፓኒሹ «ክሩሳባ» የሚል ሌላ ቅርጽ አለው። «ክሩሴ» እና «ክሩሳባ» ሁለቱም ያለፈ ነገር ይናገራሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው። ልዩነታቸው ግን ሴትዮዋን ከአስፋልቱ መሀል አንስቶ ማዶ ያደርሳታል።

የመጀመሪያው ቅርጽ ፕሬቴሪቶ፣ ሁለተኛው ኢምፐርፌክቶ ይባላል። ፕሬቴሪቶ ድርጊቱን ከነዳር ድንበሩ፣ እንደ አንድ ያለቀ ነገር ያቀርበዋል። ኢምፐርፌክቶ መሀሉ ላይ ያስገባንና እንዴት እንደተጀመረም እንዴት እንዳለቀም ሳይነግረን እዚያው ያቆመናል። «ክሩሳባ» ያለ ሰው ማዶ ይድረስ አይድረስ አልተናገረም። «ክሩሴ» ያለ ግን ደርሷል።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ተማሪ ዕድለኛ ነው፤ ምክንያቱም ይህን ልዩነት አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ ያውቀዋል። «ዘነበ» እና «ይዘንብ ነበር»፣ «ሄደ» እና «ይሄድ ነበር» አንድ እንዳልሆኑ ማንም አይነግረንም። «ይሄድ ነበር» ወይም «እየሄደ ነበር» ባልንበት ቦታ ስፓኒሹ አብዛኛውን ጊዜ ኢምፐርፌክቶ ነው፤ «ኢባ» አንዷ ቃል ለሁለቱም ታገለግላለች። የልማድ ነገርም እዚሁ ይገባል፤ «በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር» ሲባል «ኢባ» ነው፤ «ባለፈው እሁድ ሄድኩ» ሲባል «ፉዊ» ነው።

ታዲያ ተማሪዎቼ ለምን ይሳሳታሉ? ለረጅም ጊዜ ያልገባኝ ይህ ነበር። የዚችን ሴት ደብተር ደጋግሜ ሳነብ ግን ስህተቱ የተከማቸው አንድ ቦታ ላይ መሆኑን አየሁ፤ ብቻውን የቆመው «ነበር» ላይ። «ይዘንብ ነበር» ስንል ፍንጩን የሚሰጠን ከ«ነበር» በፊት ያለው ግሥ ነው። «ጥሩ ነበር»፣ «ብዙ ሰው ነበር»፣ «አስተማሪ ነበር» ስንል ግን ምንም ፍንጭ የለም። ስፓኒሹ እዚህም ላይ ምረጡ ይላል፤ አማርኛችን ግን አስመርጦን አያውቅም።

አንድ ድግስ እናስብ። «ድግሱ ጥሩ ነበር» የሚለውን ስፓኒሽ ተናጋሪ በሁለት መንገድ ይለዋል። በማግስቱ ቡና ላይ ተቀምጦ ጠቅላላ አስተያየቱን ሲሰጥ «ላ ፊየስታ ፉዌ ቦኒታ» ይላል። ድግሱ ካለቀ በኋላ ከዳር እስከ ዳር ተመዝኖ ጥሩ ተብሏል። «ላ ፊየስታ ኤራ ቦኒታ» ብሎ ከጀመረ ግን አድማጩ ጆሮውን ያቆማል፤ ገና የሚመጣ ነገር አለ። ምናልባት ሞቅ እንዳለ መብራት ጠፍቷል፤ ምናልባት አንድ ያልተጠራ እንግዳ ገብቷል። «ፉዌ» ዘግቶ ያስቀምጣል፣ «ኤራ» በሩን ክፍት ይተዋል። በአማርኛ ሁለቱም «ነበር» ናቸው፤ ልዩነቱን የምናውቀው ከተናጋሪው ድምፅና ከሚከተለው ነገር ነው።

«ደክሞኝ ነበር»፣ «ቸኩዬ ነበር»፣ «ተኝቶ ነበር» የሚሉትም የራሳቸው ችግር አላቸው። የሰዋስው መጽሐፍ «ሄዶ ነበር» ለሚለው ቅርጽ «አቢያ ኢዶ» የሚል ሌላ ጊዜ ስለሚሰጥ፣ ተማሪው ሁሉንም በዚያ መንገድ ይተረጉማቸዋል። ነገር ግን «ደክሞኝ ነበር» ስንል የምናወራው ቀድሞ ስለተፈጸመ ድርጊት አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ስለነበርንበት ሁኔታ ነው። ስፓኒሹም «ኤስታባ ካንሳዳ» ብሎ በኢምፐርፌክቶ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ከአማርኛው ቅርጽ ይልቅ የምንናገረውን ነገር ማየት ይሻላል።

ለዚህም ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው መፈተኛ ሁለት ጥያቄ ነው። የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር «ከዚያስ ምን ሆነ?» ለሚለው መልስ ከሆነ ፕሬቴሪቶ ነው። «ያኔ ነገሩ እንዴት ነበር?» ለሚለው መልስ ከሆነ ኢምፐርፌክቶ ነው። ታሪኩን ወደፊት የሚገፉት የፊተኞቹ ናቸው። የኋለኞቹ ሰዓቱን ቆም አድርገው ዙሪያውን ያሳዩናል።

ይህን ሐሳብ ጥሩ አድርጎ በስም የያዘው አንድሬስ ቤዮ ነው። በ1781 ካራካስ የተወለደው ይህ ሊቅ በ1847 ቺሌ ውስጥ ለአሜሪካ አህጉር ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ባሳተመው ሰዋስው፣ ኢምፐርፌክቶን «ኮፕሬቴሪቶ» ብሎ ጠራው። «ኮ» ማለት «አብሮ» ነው፤ ከሌላ ያለፈ ነገር ጎን ለጎን ያለ ማለቱ ነው። በሜክሲኮ ትምህርት ቤቶች ይህ ስያሜ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እኔም ከሁለቱ ስሞች የቤዮን እመርጣለሁ። ኢምፐርፌክቶ ብቻውን ሲቆም የጎደለ ነገር ያለበት ይመስላል፤ «መንገድ እሻገር ነበር» ብሎ ዝም ያለ ሰው እንደሚያስጠብቀን ማለት ነው። አጠገቡ የሚቆም ሌላ ያለፈ ነገር ይፈልጋል።

ብዙ መምህራን «ረጅም ከሆነ ኢምፐርፌክቶ፣ አጭር ከሆነ ፕሬቴሪቶ» ብለው ያስተምራሉ። ይህ ተማሪን ያሳስታል። «ቢቪዮ ዲየስ አኞስ ኤን ሊማ» ማለት «ሊማ ውስጥ አሥር ዓመት ኖረ» ነው፤ አሥር ዓመት ረጅም ቢሆንም ቆጥረን ዘግተነዋልና ፕሬቴሪቶ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ» ሲባልም እንዲሁ «ዮቢዮ ቶዳ ላ ኖቼ» ነው። በአንጻሩ «ስወጣ ይዘንብ ነበር» የሚለው «ዮቢያ» ነው፤ ዝናቡ የቆየው አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሆን እንኳ። ድግግሞሽም እንደዚሁ ነው። ሦስት ጊዜ ብለን ከቆጠርን «ፉዊ ትሬስ ቤሴስ» ይሆናል፤ ሳንቆጥር «አዘውትሬ» ካልን «ኢባ» ይሆናል። ወሳኙ ዳር ድንበር መበጀቱ ነው።

አንዳንድ ግሦች ላይ ደግሞ ቅርጹ ሲቀየር ትርጉሙ ራሱ የተቀየረ ይመስላል። «ሳቢያ» ማለት «ያውቅ ነበር» ነው፤ «ሱፖ» ግን ማወቅ የጀመረበትን ቅጽበት ስለሚይዝ «ሰማ፣ ደረሰበት» ይሆናል። «ኮኖሲያ» ያውቃት ነበር፣ «ኮኖሲዮ» ተዋወቃት። «ኖ ኬሪያ አዩዳር» ስንል ለመርዳት ፍላጎት አልነበረውም፤ ይሁን እንጂ ሳይወድ ረድቶ ሊሆን ይችላል። «ኖ ኪሶ አዩዳር» ስንል ግን እምቢ አለ፤ ነገሩ አለቀ። የተማሪዬ ባልደረባ ሾፌሩን በክፉ እንዲያየው ያደረገው ይኸው ነበር። ሰውዬው ደንግጦ መላው ጠፍቶት እንጂ አልጨከነም፤ እሷ ግን «ኖ ኪሶ አዩዳር» ብላ ጽፋበት ነበር።

ከዚያ በኋላ አብረን ተቀምጠን ታሪኩን ከራሱ ጀመርነው። የመጀመሪያው መስመር «ፉዌሮን ላስ ሲየቴ» ይል ነበር፤ «ሰባት ሰዓት ነበር» ለማለት። በእነሱ አቆጣጠር የማታው ሰባት ማለት የኛ የምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ያለፈ ሰዓት ሲነገር ግን ምርጫ የለም፤ ምንጊዜም «ኤራን ላስ ሲየቴ» ነው። ቀጥሎ «ዮቢዮ» ያለችውን «ዮቢያ» አደረግነው፤ ዝናቡ ዘንቦ አላባራም፣ እሷ ስትወጣ በላይዋ ላይ ይወርድ ነበርና። «ኡቦ ፖካ ኼንቴ» የሚለው «አቢያ ፖካ ኼንቴ» ሆነ፤ ጥቂት ሰው ነበር። «ኡቦ»ን ለደረሰ ነገር አቆየነው፤ «አደጋ ደረሰ» ሲባል «ኡቦ ኡን አክሲዴንቴ» ነው። እነዚህ ሦስቱ ትዕይንቱን ዘረጉልን።

ከዚያ ዋናው መጣ፦ «ዮ ክሩሳባ ላ ካዬ ኩዋንዶ ኡን ካሮ ዶብሎ ላ ኤስኪና ኢ ሜ አትሮፔዮ።» እየተሻገርኩ ሳለ አንድ መኪና ጥጉን ታጠፈና ገጨኝ። መታጠፉና መግጨቱ ፕሬቴሪቶ ናቸው፤ መሻገሩን መሀል ላይ የቆረጡት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ «ካኢ»፣ ወደቅሁ። ቀጥሎ ያለውን መስመር በተለይ ወደድኩት፦ «ኬሪያ ሌባንታርሜ፣ ፔሮ ኖ ፑዴ።» መነሳት እፈልግ ነበር፣ ግን አልቻልኩም። ፍላጎቱ አብሯት የነበረ ሁኔታ ነው፤ «ኖ ፑዴ» ግን ሞክራ ያቃታት መሆኑን ይነግረናል። «ኖ ፖዲያ» ብትል ኖሮ አቅም እንደሌላት ብቻ እንረዳ ነበር፤ መሞከሯን አናውቅም። ሾፌሩም ወረደ፣ «ባኾ»፤ ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም ነበር፣ «ኖ ሳቢያ ኬ አሴር»። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ አምቡላንስ ጠራች፣ «ያሞ»።

በዚህ ጽሑፍ ላይ ኢምፐርፌክቶዎቹን ሁሉ ብትሰርዟቸው ታጠፈ፣ ገጨ፣ ወደቅሁ፣ አልቻልኩም፣ ወረደ፣ ጠራች የሚሉት ይቀራሉ። ታሪኩ ደረቅ ይሁን እንጂ አልጠፋም። ፕሬቴሪቶዎቹን ብትሰርዙ ግን ዝናብ፣ ጨለማ፣ ጥቂት ሰውና መሻገር ይቀራል፤ ምንም አልደረሰም።

በቅርጽ በኩል ኢምፐርፌክቶ አያስቸግርም። ሕጉን የጣሱት ግሦች ሦስት ብቻ ናቸው፤ «ኤራ»፣ «ኢባ» እና «ቤያ»፣ ማለትም የመሆን፣ የመሄድና የማየት። አፈንጋጩ የሚበዛው በፕሬቴሪቶ በኩል ነው፤ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ደግሞ ድምፁ ነው። «አብሎ» መጨረሻው ጠበቅ ተደርጎ ሲነገር «ተናገረ» ነው፤ ጥብቀቱ ወደ መጀመሪያው ከተዛወረ «እናገራለሁ» ይሆናል።

ስፓኒሽ የምትማሩ ከሆነ በራሳችሁ ላይ የደረሰ አንድ ነገር መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉ። ከዚያ ብቻውን የቆመውን «ነበር» ሁሉ አስምሩበትና፣ ወደ ስፓኒሽ ከመመለሳችሁ በፊት በእያንዳንዱ ላይ ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁ።