የኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ቻርጅ በእርግጥ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

የኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት የሚገኘው በማካፈል ነው። በባትሪው ውስጥ ያለው ኃይል መኪናው በመንገዱ ላይ ለሚፈጀው ኃይል ይካፈላል። የባትሪው ኃይል የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ፍጆታውም 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በሚያስፈልገው ኪሎዋት ሰዓት ይገለጻል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የያዘና በ100 ኪሎ ሜትር 15 የሚፈጅ መኪና 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሁለቱን ቁጥሮች በትክክል ማወቅ ነው።

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚታየው ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በአውሮፓ አቶ 3 ተብሎ ይሸጣል። ትልቁ ባትሪው 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይኸው ባትሪ ያለው መኪና ለቻይና ገበያ 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ሲባል፣ ለአውሮፓ ገበያ ግን 420 ኪሎ ሜትር ይባልለታል። የተለወጠው የፈተናው መንገድ ነው። ሲኤልቲሲ የተባለው የቻይና ፈተና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ደብሊውኤልቲፒ የተባለው የአውሮፓው ግን ወደ 46 ይደርሳል፤ በፈጣን መንገድ ላይም ረዘም ላለ ጊዜ ይነዳል። ከቻይና በቀጥታ የገባ መኪና ሲገዛ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር በየትኛው ፈተና የተገኘ እንደሆነ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። የዚህ መኪና የአውሮፓ ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር 15.6 ኪሎዋት ሰዓት ተብሎ ተመዝግቧል። 60.48ን በዚህ ያካፈለ ሰው የሚያገኘው 388 ኪሎ ሜትር እንጂ 420 አይደለም። ልዩነቱ የመጣው 15.6 ከግድግዳው ሶኬት የተቀዳው ኃይል ስለሆነ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ በሙቀት መልክ የሚባክነውም ተቆጥሮበታል። ይህ ቁጥር የመብራት ሂሳብ ለማስላት ይጠቅማል። ርቀት ለማስላት ግን የሚያስፈልገው መኪናው ራሱ በስክሪኑ የሚያሳየው ፍጆታ ነው።

ባትሪው ያረጀ ከሆነ በወረቀት ላይ ያለው መጠንም አይታመንም። ትክክለኛውን ለማግኘት ከጉዞ በፊት የባትሪው መቶኛ ይመዘገባል፤ ረዘም ያለ ጉዞ ከተደረገ በኋላ እንደገና ይታያል። ከ90 ወደ 40 በመቶ ወርዶ፣ በዚያው ጉዞ 28.5 ኪሎዋት ሰዓት ተፈጅቶ ከሆነ፣ ግማሹ ባትሪ 28.5 ይዟል ማለት ነው፤ ሙሉው 57 ይሆናል። በዩዋን ፕላስ ውስጥ ያለው ዓይነት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግን አንድ ጠባይ አለው። ቮልቴጁ ከሙሉና ከባዶ አካባቢ በስተቀር እምብዛም ስለማይለዋወጥ መኪናው የቀረውን ኃይል በትክክል ለመገመት ይቸገራል። ለረጅም ጊዜ እስከ መቶ ሳይሞላ ከቆየ መቶኛው ይዛባል። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መቶ መሙላት ይበጃል።

ፍጆታን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ፍጥነት ነው። የአየር ግፊት ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር በካሬ ያድጋል፤ በሰዓት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር መጨመር አየሩን ለመግፋት የሚወጣውን ኃይል በየኪሎ ሜትሩ በ56 በመቶ ያሳድገዋል። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ግን መኪናው ፍሬን ሲይዝ የተወሰነውን ኃይል ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ቁጥሩ ያምራል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የቀሪ ኪሎ ሜትር ግምት በብዙ መኪኖች ከቅርብ ጊዜው አነዳድ የተሰላ ነው። ሳምንቱን በከተማ ውስጥ ሲነዳ የሰነበተ መኪና ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ ሲገባ ቀሪው ኪሎ ሜትር ከተጓዘው በላይ በፍጥነት ሲቀንስ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባትሪው አልተበላሸም።

የአየር ሙቀት የሚጨምረውን ፍጆታ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ያሰላዋል። ማሞቂያና ኤሲ ኃይል የሚወስዱት በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። 2 ኪሎዋት የሚወስድ ማሞቂያ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። በመጨናነቅ ምክንያት በሰዓት 20 ብቻ ለሚሄድ መኪና ግን 10 ይጨምርበታል። በቀዝቃዛ አገር የከተማ መንዳት የባትሪ ጠላት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ብርዱ በሌላም በኩል ይመጣል። በቀዘቀዘ ባትሪ ውስጥ የኬሚካሉ እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ ከውስጡ ሊወጣ የሚችለው ኃይል ይቀንሳል፤ ፍሬን ሲያዝ የሚመለሰውንም ለመቀበል ያስቸግረዋል። አየሩ ራሱም ይከብዳል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነበት የኦስሎ ቀን ያለው አየር፣ 20 ዲግሪ በሆነበት የአዲስ አበባ ቀን ካለው አየር በግማሽ ያህል ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፤ ደጋው አየሩን ስለሚያሳሳው የፈጣን መንገድ ፍጆታን ያቀልላል። በአንጻሩ ኖርዌይ ያለ ሾፌር ክረምቱን ሲያሰላ ከበጋው ርቀት ሩቡን ያህል አስቀድሞ ቢቀንስ አይሳሳትም፤ አጫጭር ጉዞ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ፤ ምክንያቱም በየጉዞው የቀዘቀዘ መኪና እንደ አዲስ መሞቅ አለበት።

አሁን ቁጥሮቹን በአንድ መንገድ ላይ ማዋል ይቻላል። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በ650 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። መኪናው ከነተሳፋሪዎቹ 2,050 ኪሎ ግራም ይመዝን፤ ባትሪው ከላይ እንደተለካው 57 ኪሎዋት ሰዓት ይያዝ፤ ሾፌሩ ክፍት ቦታ ሲያገኝ 100 እየነዳ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ይፍጅ። መንገዱ 46.8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ኤሲው 1 ኪሎዋት ቢወስድ ለአራት ሰዓት 4 ይጨመራል። ያንን ክብደት 650 ሜትር ለማንሳት የሚያስፈልገው ኃይል 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሲወረድ ከዚህ 2.5 ያህሉ ይተርፋል፤ ሲወጣ ግን በሞተሩና በማስተላለፊያው የሚባክነው ተጨምሮ 4 ይሆናል።

ስለዚህ ሲኬድ 48.3 ይፈጃል፤ መኪናው ሐዋሳ ሲደርስ 15 በመቶ ይቀረዋል። በሐዋሳ እስከ መቶ ተሞልቶ ሲመለስ ግን 54.8 ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ሲቃረብ የሚቀረው 4 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ለዝናብ፣ ለፊት ለፊት ነፋስ ወይም ለተዘጋ መንገድ ቦታ አይተውም፤ አቀበቱም የሚበዛው ባትሪው በሚያልቅበት በጉዞው መጨረሻ ላይ ነው። ሾፌሩ 80 ላይ ቢወሰንና ፍጆታው ወደ 14.5 ቢወርድ፣ ጉዞው በግማሽ ሰዓት ቢረዝምና ኤሲው 4.5 ቢወስድም አጠቃላዩ 48.4 ይሆናል። ያኔ በመመለሻውም 15 በመቶ ይተርፋል።